የኪውአር ክፍያው «ተሳክቷል» ብሎ ነጋዴው «አልገባም» ሲል ምን እናድርግ? ከባሕር ዳር የዓሣ ቤት የተወሰደ ዝርዝር መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ ሐይቁ ዳር ካሉት ዓሣ ቤቶች በአንዱ በልታችሁ ጨርሳችኋል። ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ ስካን አድርጋችሁ ከፈላችሁ፤ ስልካችሁም አረንጓዴ ምልክት አሳይቶ «ክፍያዎ ተሳክቷል» አለ። አስተናጋጇ ግን ስልኳን ደጋግማ አይታ «እኛ ጋ አልገባም» ትላለች። እናንተ ብሩ መውጣቱን አይታችኋል፤ እሷ መግባቱን አላየችም። አብዛኛውን ጊዜ ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። ስለዚህ ክርክሩን ትታችሁ ገንዘቡ አሁን የት እንዳለ ወደ መፈለግ ግቡ። ፍለጋው ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉን ከጠበቃችሁ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ ከጠረጴዛው ሳትነሱ ያልቃል።

በመጀመሪያ፣ ማድረግ የሌለባችሁ ነገር

ሁለተኛ ጊዜ አትክፈሉ። «እስቲ እንደገና ሞክሪው» የሚለው ሐሳብ በቅንነት የሚነገር ቢሆንም፣ አንዱን ጥፋት ሁለት የሚያደርገው እሱ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ዘግይቶ ቢገባ ሁለት ጊዜ ከፍላችኋል፤ ከዚያ በኋላ ተመሳሳይ መጠን ካላቸው ሁለት ክፍያዎች የትኛው እንደተጓተተ መለየት ለባንኩም ለእናንተም ያስቸግራል።

የተሳካ መሆኑን የሚያሳየው ገጽ ሳይዘጋ ፎቶውን በስልኩ አስቀሩ። የምትፈልጉት አረንጓዴውን ምልክት ሳይሆን ከሥሩ ያሉትን ዝርዝሮች ነው፦ የክፍያ ቁጥሩን፣ የተቀባዩን ስም፣ መጠኑንና ሰዓቱን። ከዚህ በኋላ የምታደርጉት ሁሉ በክፍያ ቁጥሩ ላይ የተመሠረተ ነው። ቴሌብር ላይ አሥር ፊደላትና አኃዞች የተቀላቀሉበት ቁጥር ነው፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዝውውር ከሆነ ደግሞ FT ብሎ የሚጀምር ነው።

አስተናጋጇ ፎቶውን አይታ አላምንም ብትል አትቀየሟት። የተሳካ ክፍያ ገጽ አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ የትናንቱን ፎቶ ዛሬ የሚያሳይም አይጠፋም። ከእሷ በኩል ብታስቡት፣ በማታው ሒሳብ ላይ ከጎደለ ከደመወዟ የሚቆረጥባት እሷ ልትሆን ትችላለች። እውነቱ የሚጣራው ነጋዴው በራሱ ስልክ ሲያየው ነው፤ የሚከተሉት እርምጃዎችም ወደዚያ የሚያደርሱ ናቸው።

አንደኛ እርምጃ፦ ክፍያው የአንድ ቤት ነው ወይስ የሁለት ቤት?

ሁሉም ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የከፈላችሁበት መተግበሪያና ኪውአር ኮዱን የሰጠው ድርጅት አንድ ናቸው? ከቴሌብር ወደ ቴሌብር ነጋዴ፣ ወይም ከአንድ ባንክ ወደዚያው ባንክ ነጋዴ ከከፈላችሁ የአንድ ቤት ክፍያ ነው። የእናንተ ሂሳብና የነጋዴው ሂሳብ አንድ መዝገብ ላይ ስለሚገኙ ከእናንተ የሚቀነሰውና ለነጋዴው የሚደመረው አብሮ ነው። እንዲህ ባለ ክፍያ «ተሳክቷል» የሚለው ቃል ገንዘቡ አንድ ሰው ጋ ገብቷል ማለት ነው ብላችሁ ብትነሡ ብዙም አትሳሳቱም። የሚቀረው ጥያቄ «ያ አንድ ሰው ማን ነው?» የሚል ይሆናል።

የአንዱን ባንክ መተግበሪያ ይዛችሁ የሌላውን ባንክ ወይም የቴሌብርን ኮድ ስካን ካደረጋችሁ ግን የሁለት ቤት ክፍያ ነው። የእናንተ ባንክ በመጀመሪያ ከሂሳባችሁ ይቀንሳል፤ ከዚያ መልእክቱን ባንኮች በጋራ ባቋቋሙት ኢትስዊች በኩል ወደ ነጋዴው ባንክ ይልካል፤ ያኛውም ባንክ ለነጋዴው ደምሮ «ተቀብያለሁ» የሚል መልስ በመጣበት መንገድ ይመልሳል። በአውቶቡስ ዕቃ ላስጫነ ሰው የሚሰጠው ወረቀት ዕቃው መጫኑን እንጂ ተቀባዩ እጅ መግባቱን እንደማያረጋግጥ ሁሉ፣ እዚህም አንዳንድ ጊዜ ማያ ገጹ «ተሳክቷል» የሚለው ስለ መጀመሪያው እርምጃ ብቻ ነው። መልሱ መንገድ ላይ ከጠፋ ወይም ከዘገየ የእናንተ ሂሳብ ጎድሎ የነጋዴው ሳይሞላ ይቆያል። ገንዘቡ ጠፋ ማለት አይደለም፤ በሁለቱ ባንኮች መካከል ሳይታረቅ የቆመ ሒሳብ ሆኗል።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የተለጠፈውን ወረቀት እዩ። የሰጪው ድርጅት ምልክት ታትሞበታል። ወረቀቱ ደብዝዞ ካልታየ በደረሰኛችሁ ላይ ያለውን የተቀባዩን ባንክ ስም አንብቡ።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ከእናንተ በእርግጥ መውጣቱን አረጋግጡ

ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሐይቁ ዳር የኢንተርኔቱ ጉልበት ሲዋዥቅ መተግበሪያው ያረጀ ቀሪ ሂሳብ ሊያሳያችሁ ይችላል። ስለዚህ ኢንተርኔት በማያስፈልገው መንገድ ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ፦ ለቴሌብር *127#፣ ለንግድ ባንክ *889# መደወል ይበቃል። ሌላ ባንክ ከሆነ የራሱን አጭር ቁጥር ተጠቀሙ። ቀድሞ ከነበራችሁ ላይ የሒሳቡ ያህል ከጎደለ ወጥቷል ማለት ነው።

ካልጎደለስ? ያየነው ገጽ «ጥያቄዎ ተልኳል» ወይም «በሂደት ላይ» የሚል ሊሆን ይችላል፤ በችኮላ ሲነበብ ከተሳካው ጋር ይመሳሰላል። ሂሳባችሁ ካልተነካና የግብይት ታሪካችሁ ላይ ክፍያው ከሌለ ነጋዴዋ ልክ ናት፤ በዚህ ጊዜ እንደገና መክፈል ይቻላል። ታሪኩ ላይ «በሂደት ላይ» ተብሎ ከተመዘገበ ግን አልከሸፈም፤ እስኪለይለት ጠብቁ።

መጠኑንም አብራችሁ አንብቡ። ጠረጴዛ ላይ የሚለጠፈው ቋሚ ኮድ የሒሳቡን መጠን አይዝም፤ ብሩን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። 1,360 ብር ለመክፈል አስባችሁ 136 ጽፋችሁ ሊሆን ይችላል። ያኔ ነጋዴዋ 1,360 እየፈለገች ሳለ ክፍያው አጠገቧ ተቀምጦ አይታያትም።

ሦስተኛ እርምጃ፦ የተቀባዩን ስም ጮክ ብላችሁ አንብቡ

ደረሰኙ ላይ ያለውን የተቀባይ ስም ለአስተናጋጇ አንብቡላትና «ይህ ስም የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በሩ ላይ ከተጻፈው የምግብ ቤቱ ስም ጋር አለመመሳሰሉ ብቻውን አያስደንግጣችሁ። የነጋዴ ሂሳብ የሚከፈተው በንግድ ፈቃዱ ላይ ባለው ስም ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የባለቤቱ ሙሉ ስም ነው። «የእትዬ ስም ነው» ካለችና ስሙን ካወቀችው ገንዘቡ ትክክለኛው አድራሻ ጋ ነው ያመራው። ቀሪው ሥራ መድረሱን ማየት ነው።

«ይህን ሰው አናውቀውም» ካለች ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ወደ ወረቀቱ ተመለሱና ጠርዙን በጥፍራችሁ ዳብሱት። ከላይ ሌላ ተለጣፊ ተደርቦበት ከሆነ ጠርዙ ይነሳል፤ አንዳንዴም ከሥሩ የቀድሞው ምልክት ይታያል። የራስን ኮድ በነጋዴው ኮድ ላይ መለጠፍ የታወቀ የማጭበርበሪያ ዘዴ ነው። ማጭበርበር የሌለበት ሁኔታም አለ፤ ቤቱ በቅርቡ ከተሸጠ ወይም ከተከራየ የቀድሞው ባለቤት ኮድ ሳይነሳ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሁኔታዎች ፍጥነት ይጠይቃሉ፤ ምን እንደሚደረግ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

ስሙን ማንበብ ያለባችሁ እርግጥ ከመክፈላችሁ በፊት ነው። ኮዱን ስካን ስታደርጉ፣ የምስጢር ቁጥራችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣል። በዚያች ቅጽበት «በማን ስም ነው?» ብሎ መጠየቅ ከዚህ በታች የምጽፈውን ብዙ ነገር ያስቀራል።

አራተኛ እርምጃ፦ የነጋዴዋን በኩል አብራችሁ ፈልጉ

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም «አልገባም» ከሚባሉት የአንድ ቤት ክፍያዎች አብዛኞቹ ገብተው የተገኙት እዚህ ነው።

አስተናጋጇ «አልገባም» ስትል «መልእክት አልመጣልኝም» ማለቷ ነው። መልእክትና ገንዘብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አጭር የጽሑፍ መልእክቱ የሚላከው ሂሳቡ ላይ ወደተመዘገበው ስልክ ነው፤ ያ ስልክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ከዓሣ ቤቱ ባለቤት ጋር ነው። ባለቤቷ ገበያ ወጥታ፣ ስልኳ ጠፍቶ ወይም ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ሆና ሊሆን ይችላል። አስተናጋጇ በያዘችው ስልክ ላይ ሁለት ሲም ካርድ ኖሮ አንደኛው ከጠፋም፣ የስልኩ የመልእክት ቦታ ሞልቶ ከሆነም መልእክቱ አይደርስም። ሥራ በሚበዛበት የበዓል ሰሞን ደግሞ መልእክቱ ያለ ሌላ ችግርም ይዘገያል።

ስለዚህ መልእክቱን ከመጠበቅ ይልቅ የግብይት ታሪኩን አሳዩኝ በሉ። አነጋገሩ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፦ «እህቴ፣ መልእክቱ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። መተግበሪያውን ከፍተሽ የዛሬን ገቢ ታያለሽ? የክፍያ ቁጥሩ ይኸውልሽ።» መተግበሪያው የባለቤቷ ስልክ ላይ ብቻ ካለ ይደወልላትና ቁጥሩ ይነበብላት። ቁጥሩን በስልክ ስታነቡ አንድ ጥንቃቄ አድርጉ፤ O ፊደል ነው ወይስ ዜሮ፣ I ፊደል ነው ወይስ አንድ የሚለውን ለዩላት። ቢቻላችሁ በጽሑፍ መልእክት ላኩላት።

ቀጥሎ ያለው የሰዓትና የቀን ጉዳይ ነው፤ በእኛ አገር ብዙ ፍለጋ የሚከሽፈው እዚህ ነው። ደረሰኙ የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ነው። ቴሌብር ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ የከፈላችሁት 14:22 ተብሎ ይመዘገባል። የካቲት 26 ቀን 2018 ዓ.ም. የከፈላችሁት 05-03-2026 ሆኖ ይወጣል። ነጋዴዋ «ስምንት ሰዓት» ብላ 08:00 አካባቢ ብትፈልግ የምታገኘው የጠዋቱን ቁርስ ከፋዮች ነው። ከፈረንጁ ሰዓት ላይ ስድስት ቀንሳችሁ አብራችሁ ፈልጉ።

ታሪኩን ማየት ካልተቻለ ደረሰኙን ከምንጩ ማየት ይቻላል። የቴሌብር ክፍያ ከሆነ ነጋዴዋ በራሷ ስልክ የኢንተርኔት ማሰሻ ላይ የሚከተለውን አድራሻ ጽፋ መጨረሻው ላይ የክፍያ ቁጥሩን ትጨምር፦

```
https://transactioninfo.ethiotelecom.et/receipt/
```

የሚከፈተው ደረሰኝ የከፋዩን ስም፣ የገንዘብ ተቀባዩን ስም፣ የተከፈለውን መጠንና የክፍያውን ሁኔታ ያሳያል። ሁኔታው Completed የሚል ከሆነና የተቀባዩ ስም የባለቤቷ ከሆነ ክርክሩ አልቋል። አድራሻውን ራሷ እንድትጽፈው የምለው በምክንያት ነው፤ እናንተ የላካችሁላትን ማያያዣ ብትከፍት የሐሰት ገጽ አለመሆኑን በምን ታውቃለች? ንግድ ባንክም በሚልከው መልእክት ላይ ተመሳሳይ የደረሰኝ ማያያዣ አለ፤ የሚጀምረው apps.cbe.com.et ብሎ ነው። እሱን ለማንም አትበትኑት፤ በማያያዣው መጨረሻ ላይ የሂሳብ ቁጥራችሁ የመጨረሻ አኃዞች አሉበት።

የንግድ ባንኩ FT ቁጥር ራሱም ቀኑን ይናገራል። ከFT ቀጥሎ ያሉት ሁለት አኃዞች የፈረንጅ ዓመቱ መጨረሻ ናቸው፤ ቀጣዮቹ ሦስቱ ደግሞ ዕለቱ ከዓመቱ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ያመለክታሉ። FT26064 ብሎ የሚጀምር ቁጥር የ2026 ስድሳ አራተኛው ቀን ማለት ነው፤ ይኸውም ማርች 5 ነው። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ቢለያይ የባንክ መዝጊያና በዓል ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል አያሳስብም። በሳምንታት ከተለያየ ግን ደረሰኙ የዛሬ አይደለም፤ ይህንን ለነጋዴዎች ማወቅ በጣም ይጠቅማል።

አምስተኛ እርምጃ፦ የሁለት ቤት ክፍያ መንገድ ላይ ከቆመ

አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ እንይ። እንግዳው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሳህን የተጠበሰ ቆረሶ፣ አንድ የአምባዛ ወጥና ለስላሳ መጠጦች አዝዞ ሒሳቡ 1,360 ብር ደርሷል። የከፈለው በአንድ ባንክ መተግበሪያ ነው፤ ኮዱ የሌላ ባንክ ነው። 14:22 ላይ «ተሳክቷል» አለ። ቀሪ ሂሳቡን ሲያይ 1,360 ብርና ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ጎድሏል። የተቀባዩ ስም የባለቤቷ ነው። ባለቤቷ ተደውሎላት ታሪኳን ከፈተች፤ ከ14:00 እስከ 15:00 የገቡት ሦስት ክፍያዎች ሲሆኑ የእሱ የለበትም።

ከእናንተ ወጥቷል፣ ስሙ ትክክል ነው፣ ታሪኩ ላይ የለም፣ ባንኮቹም ይለያያሉ። እነዚህ አራቱ አንድ ላይ ሲገኙ ገንዘቡ መንገድ ላይ የቆመ ነው ብሎ መደምደም ይቻላል። በዚህ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መፋጠጥ ዋጋ የለውም። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ አንዳንዱ በራሱ ይገባል። ካልገባ አቤቱታው የሚቀርበው በከፋዩ ባንክ ነው። ይህንን አስምሩበት፤ ብዙ ከፋዮች «ነጋዴዋ ባንኳን ትጠይቅ» ይላሉ፤ የነጋዴዋ ባንክ ግን ያልደረሰውን ነገር ሊፈልግ አይችልም። የክፍያ ቁጥሩ የእናንተ ነው፣ ሂሳቡ የጎደለባችሁ እናንተ ናችሁ፣ ስለዚህ ጠያቂውም እናንተ ናችሁ። የቴሌብር ደንበኞች 127፣ የንግድ ባንክ ደንበኞች 951 ይደውላሉ፤ የሌሎቹ ባንኮች ቁጥር በመተግበሪያቸው ላይ አለ።

ስትደውሉ «ብሬ ጠፋ» ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ በሉ፦ «ከሂሳቤ የተቀነሰ ግን ለተቀባዩ ባንክ ያልደረሰ የኪውአር ክፍያ አለኝ። ቀኑ ይህ ነው፣ ሰዓቱ ይህ ነው፣ መጠኑ 1,360 ብር ነው፣ የክፍያ ቁጥሩ ይህ ነው፣ ተቀባዩ ባንክ ይህ ነው። በእናንተ በኩል ያለውን ሁኔታ ንገሩኝ፤ አቤቱታዬንም መዝግባችሁ የአቤቱታ ቁጥር ስጡኝ።» የአቤቱታ ቁጥሩን ሳትይዙ ስልኩን አትዝጉ። ቁጥር ከሌለ ነገ ስትደውሉ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። መልሱ መቼ እንደሚሰጥም ቀኑን ጠይቃችሁ ጻፉት።

ውጤቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ባንኮቹ ሒሳባቸውን ሲያስታርቁ ገንዘቡ ለነጋዴዋ ይገባል፣ ወይ ለእናንተ ይመለሳል። የትኛው እንደሚሆን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ መናገር አይቻልም፤ እሑድ ከሆነ ደግሞ ማስታረቁን የሚሠሩት ሰዎች ሰኞ ነው የሚገቡት። ስለዚህ ከነጋዴዋ ጋር የምትስማሙት ስምምነት ለሁለቱም ውጤት የሚሠራ መሆን አለበት።

እስከዚያ ሒሳቡን ማን ይሸከም?

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ዓሣው ተበልቷል፣ ነጋዴዋ እጅ ላይ ግን የገባ ነገር የለም፤ ስለዚህ የሚቻለው ከፋይ በጥሬ ገንዘብ ይክፈልና ወረቀት ይያዝ። በመጀመሪያ «ሁለተኛ ጊዜ አትክፈሉ» ያልኩት ገንዘቡ የት እንዳለ ሳይታወቅ ለሚደረገው ነው። አሁን ታውቋል። በዲጂታል ሳይሆን በጥሬ ገንዘብ የምለውም ሁለቱ ክፍያዎች እንዳይምታቱ ነው።

እንግዳውና አስተናጋጇ የሒሳብ ወረቀቱ ጀርባ ላይ የሚጽፉት ከዚህ አይበልጥም፦

«ዛሬ በ14:22 በክፍያ ቁጥር … የተላከ 1,360 ብር ለጊዜው አልደረሰም። እንግዳው 1,360 ብር በጥሬ ገንዘብ ከፍለዋል። የመጀመሪያው ክፍያ ወደ ሂሳባችን ከገባ ይህንኑ ያህል በስልክ ቁጥር … እንመልሳለን። ወደ እንግዳው ከተመለሰ ጉዳዩ ተዘግቷል።»

ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ሁለቱም ፎቶ ያነሳሉ፣ ባለቤቷም በስልክ ትሰማለች። በምሳሌያችን ሰኞ ረፋድ ላይ ገንዘቡ የባለቤቷ ሂሳብ ላይ ቢታይ፣ በወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ 1,360 ብሩን ትልካለች። የአገልግሎት ክፍያዋን ማን ይቻል የሚለውም ከተነሳ አስቀድሞ ቢነገር ይሻላል፤ በትንሽ ብር ትልቅ ቅሬታ ሲፈጠር አይቻለሁ።

እንግዳው ጥሬ ገንዘብ ከሌለው ስሙን፣ ስልኩንና የመታወቂያውን ፎቶ ትቶ መሄድ ይችላል፤ መታወቂያውን ራሱን ግን አይተው። ስልኩን መያዣ እንዲያደርግም መጠየቅ የለበትም። ስልኩ ከሌለው አቤቱታውን በምን ይከታተላል?

ወደ ዘጌ ገዳማት ለሚሻገሩ አንድ ነገር ልጨምር። የጀልባውን ሒሳብ በኪውአር የምትከፍሉ ከሆነ ከመነሻው ላይ፣ ኔትወርክ ሳለ ክፈሉና ባለጀልባው ገቢውን አይቶ ይሳፈር። ሐይቁ መሃል ወይም ዘጌ ደርሳችሁ ኔትወርክ ሲደክም እናንተም እሱም ምንም ማጣራት አትችሉም፤ ወደ ከተማ የሚመልሳችሁም እሱ ነው።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ገንዘቡ የማታውቁት ሰው ጋ ከገባ

ተለጣፊ ተደርቦበት ከሆነ ደቂቃዎች ዋጋ አላቸው። ገንዘቡ ተቀባዩ ሂሳብ ላይ እስካለ ድረስ ሊያዝ ይችላል፤ ከወጣ በኋላ ግን መንገዱ ረጅም ነው። ወዲያው ወደ ራሳችሁ ባንክ ወይም ቴሌብር ደውላችሁ «በማጭበርበር ወደ ሌላ ሰው የተላከ ክፍያ ነው፤ የተቀባዩ ሂሳብ እንዲታገድ እጠይቃለሁ» በሉ። ነጋዴዋም ኮዱን ወደሰጣት ድርጅት ትደውል፤ በእሷ ስም የተጭበረበረ ኮድ እንዳለ ማስመዝገቧ ለእሷም መከላከያ ነው። ከዚያ አብራችሁ በአቅራቢያ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ፤ ተለጣፊውን ሳትቀድዱት ፎቶ አንሡት፣ ከተቻለም ከነሰሌዳው ይዛችሁት ሂዱ። ባንክ የሌላ ሰው ሂሳብ ላይ ያለን ገንዘብ በስልክ ጥሪ ብቻ አንሥቶ አይመልስላችሁም፤ የፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ደብዳቤ ሊጠይቅ እንደሚችል አውቃችሁ ተነሡ።

የቀድሞው ባለቤት ኮድ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ነጋዴዋ ብዙ ጊዜ ስልኩን ታውቀዋለች። እሱ ሲመልስ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ወደከፈላችሁበት ሂሳብ እንዲመልስ አድርጉ፤ መዝገቡ ላይ መውጫውም መግቢያውም እንዲታይ። ወረቀቱም ዛሬውኑ ይቀደድ።

ባንኩ ካልመለሰ

የተሰጣችሁ ቀን ካለፈ በስልክ መመላለሱን ትታችሁ በጽሑፍ ግቡ። ባሕር ዳር ውስጥ ወዳለ የባንካችሁ ቅርንጫፍ ሂዱና አቤቱታውን በሁለት ቅጂ አቅርቡ፤ አንዱ ላይ የተቀበሉበት ማኅተምና ቀን ይደረግላችሁ። ከደብዳቤው ጋር የደረሰኙን ፎቶ፣ የዕለቱን የሂሳብ መግለጫና የነጋዴዋን የዚያን ሰዓት የግብይት ታሪክ አያይዙ። የመጨረሻው ማስረጃ ክብደት አለው፤ ገንዘቡ ከእናንተ መውጣቱን የእናንተ መግለጫ ያሳያል፣ እዚያ አለመድረሱን ግን የሚያሳየው የእሷ ብቻ ነው። ከሂሳቧ ሌሎች ከፋዮችን ሸፍና የሰዓቱን ገቢ ብቻ እንድታሳይ ለምኗት።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ መሠረት ባንኮችና የክፍያ አገልግሎት ሰጪዎች የአቤቱታ ማስተናገጃ ሥርዓት እንዲኖራቸው ይገደዳሉ። በባንኩ ውስጥ መልስ ያጣ ሰው ወደ ብሔራዊ ባንክ መሄድ ይችላል፤ ማኅተም ያለበት ቅጂና የአቤቱታ ቁጥሩ የሚያስፈልጉትም እዚያ ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል «ከባንኩ ነው የምደውለው፣ ገንዘብዎን ልመልስልዎ» የሚል ስልክ ቢመጣ ዝጉት። አቤቱታቸውን በማኅበራዊ ገጾች ላይ የሚጽፉ ሰዎችን የሚያጠምዱ አሉ፤ የክፍያ ቁጥሩንና መጠኑን ከጻፋችሁት ላይ አንብበው እውነተኛ ይመስላሉ። ተመላሽ ለመቀበል የምስጢር ቁጥር ወይም በመልእክት የመጣ ኮድ መናገር አያስፈልግም፤ የጠየቃችሁ ሰው ሁሉ ሌባ ነው። መረጃ ከፈለጋችሁ እናንተው በታወቀው ቁጥር ደውሉ።

ለዓሣ ቤቱ ባለቤቶች

ከእናንተ በኩል ችግሩን አስቀድሞ የሚቀንሱ ነገሮች አሉ። የገቢ ማሳወቂያው ካሸር ላይ በሚቀመጥ ስልክ እንዲደርስ ኮዱን የሰጣችሁን ድርጅት ጠይቁ፤ ለሠራተኛ የተለየ መግቢያ የሚሰጥ ካለ ሠራተኛዋ ገቢ ማየት ብቻ እንጂ ማውጣት የማትችልበትን ምረጡ። የራሳችሁን የምስጢር ቁጥር ለአስተናጋጅ አትስጡ። ከወረቀቱ በላይ «ተቀባይ፦» ብላችሁ ሂሳቡ የተከፈተበትን ስም በትልቁ ጻፉ፤ እንግዳው ስልኩ ላይ ከሚያየው ጋር ያስተያያል። ጠዋት ቤቱ ሲከፈትም እያንዳንዱን ኮድ አንዲት ሠራተኛ ስካን አድርጋ፣ የምስጢር ቁጥር ሳታስገባ የሚወጣውን ስም ታንብብ። ሌላ ስም የወጣበት ጠረጴዛ ካለ ወረቀቱ የመጀመሪያው እንግዳ ከመቀመጡ በፊት ይነሳ።